«ያ ሁሉ ሙዚቃ ይበላሻል»፦ ከሮም ወደ ሪሚኒ የተላከ አንድ ደብዳቤ

ዛሬ ስለ ሕዳሴ ዘመን ሕንጻዎች እንድናወራ ነው የተሰበሰብነው። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት የአንድ ደብዳቤ ታሪክ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 18 ቀን 1454 ነው። ጸሐፊው ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ ይባላል፤ ሮም ውስጥ በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ምሁር ነበር። የተጻፈለት ደግሞ ሪሚኒ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ የሚቆጣጠረው ማቴዎ ዴ ፓስቲ ነው። ዋናው ቅጂ ዛሬም አለ፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ደብዳቤው አጭር ነው። ግን ስለ ዐምድ፣ ስለ ጉልላት፣ ስለ ስምምነት ያ ዘመን ያሰበውን ሁሉ በአንድ ቦታ ይዟል። ደግሞም የሥራ ደብዳቤ ነው። መጽሐፍ ላይ ሰው ያማረውን ይጽፋል፤ ግንበኛው መዶሻ ይዞ ሲጠብቅ ግን የምሩን ይናገራል። ለዚህ ነው የምወደው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የሪሚኒ ገዢ ሲጂስሞንዶ ማላቴስታ ይባላል፣ ወታደር ነው፣ በገንዘብ የሚዋጋ የጦር አዛዥ። በከተማው የቅዱስ ፍራንቸስኮ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። የጎቲክ ሥራ፣ ግድግዳው ጡብ፣ መስኮቱ ጠባብና ሹል። ሲጂስሞንዶ መጀመሪያ ያሰበው ለራሱና ለቤተሰቡ ጥቂት የጸሎት ክፍሎችን ውስጡ ማሠራት ነበር። ከዚያ ሐሳቡ አደገ። አልቤርቲ ተጠራ። አልቤርቲም አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን አላፈረሰም፤ ከውጭ በኩል አዲስ የድንጋይ ልብስ አለበሰው። በአሮጌው ግድግዳና በአዲሱ መሃል ክፍተት አለ። ሁለት ሕንጻ ናቸው ማለት ይቻላል፣ አንዱ የሌላው ውስጥ የቆመ።

የአዲሱ ልብስ ቅርጽ ከየት መጣ? ሩቅ አልሄደም። እዚያው ሪሚኒ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 የተሠራ የአውግስጦስ የድል በር ቆሟል። አንድ ትልቅ ቅስት፣ በግራና በቀኝ ከግድግዳው ግማሽ ገላቸው የወጣ ዐምዶች፣ በቅስቱ ጎንና ጎን ደግሞ ክብ ጌጥ። አልቤርቲ ይህንኑ ወስዶ የቤተ ክርስቲያኑን ፊት በአራት ግማሽ ዐምዶችና በሦስት ቅስቶች አደረገው። ክቦቹም አሉ። አንድ ሰው ከድል በሩ ተነሥቶ በእግሩ ጥቂት ደቂቃ ቢሄድ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ይደርሳል፣ ዝምድናቸውንም በዓይኑ ያያል። የጥንቱን ማንሣት ማለት በተግባር እንዲህ ነው፤ ሰፈርህ ውስጥ የቆመውን ፍርስራሽ ለክቶ አዲስ ሥራ ማሠራት።

እዚህ ላይ ስለ ዐምድ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያለ እሱ ደብዳቤው አይገባም።

የጥንት ሰዎች ዐምድ ዝም ብሎ ጣሪያ የሚሸከም ምሰሶ አይደለም። እግር አለው፣ ግንድ አለው፣ ራስ አለው፣ ከራሱ በላይ ደግሞ የሚተኛ ጋድም አለው። የእነዚህ ሁሉ መጠን እርስ በርሱ የተሳሰረ ነው። ይህንን ሙሉ ሥርዓት ነው አርክቴክቶች ኦርደር የሚሉት። ዶሪክ፣ አዮኒክ፣ ኮሪንቲያን እያልን የምንጠራቸው እነዚህን ነው። መለኪያው ሜትር አይደለም፤ ራሱ የዐምዱ ውፍረት ነው። የጥንቱ ሮማዊ አርክቴክት ቪትሩቪየስ ስለ ሕንጻ በጻፈው መጽሐፍ ምክንያቱን ሲናገር የሰውን ገላ ያነሣል። የወንድ ልጅ የእግር ጫማ ርዝመት የቁመቱ አንድ ስድስተኛ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ዶሪክ ዐምድ ቁመቱ የውፍረቱ ስድስት እጥፍ ሆነ ይላል። አዮኒኩ የሴት ቅጥነት ስለተሰጠው ስምንት እጥፍ ሆነ።

ችግሩ፣ የሕዳሴ ሰዎች መጽሐፉን ይዘው ፍርስራሹን ለመለካት ሲወጡ ቁጥሮቹ አልገጠሙም። አንዱ ቤተ መቅደስ ከሌላው ይለያል፣ ሁለቱም ከመጽሐፉ ይለያሉ። መቶ ዓመት ያህል ሲለኩና ሲከራከሩ ኖሩ። በመጨረሻ በ1562 ቪኞላ የሚባል አርክቴክት ነገሩን አቀለለውና ማንም ግንበኛ የሚሠራበት ሕግ አድርጎ አሳተመው። የእሱን ስሌት አብረን እንሥራው፣ ቀላል ነው።

የምትሞሉት ከፍታ አለ እንበል፣ 5 ሜትር ከ70። በ19 እኩል ክፍል ክፈሉት፣ እያንዳንዱ 30 ሳንቲም ይሆናል። አራቱን ክፍል ለታችኛው መቆሚያ ስጡ፣ 1 ሜትር ከ20። አሥራ ሁለቱን ለዐምዱ፣ 3 ሜትር ከ60። ሦስቱን ከላይ ለሚተኛው ጋድም፣ 90 ሳንቲም። አሁን ምን ዓይነት ዐምድ እንደምትፈልጉ ምረጡ። ዶሪክ ከሆነ ቁመቱን ለ8 አካፍሉት፣ ውፍረቱ 45 ሳንቲም ወጣ። ኮሪንቲያን ከሆነ ለ10፣ 36 ሳንቲም። አለቀ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ጌጥ መጠን ከዚህ ውፍረት እየተቆረሰ ይወጣል። አንዷን ቁጥር ብትነኩ ሁሉም ይንቀሳቀሳል።

ይህን ካወቃችሁ አንድ ነገር በዓይናችሁ መለየት ትጀምራላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቪላ በረንዳ ላይ ቅጠል ያለው ራስ የተገጠመላቸው የሲሚንቶ ዐምዶች ብዙ አሉ። አንዳንዶቹ ለምን ቅር እንደሚሉን መናገር ያቅተን ይሆናል። እስቲ ከራሱ በላይ ያለውን እዩ። ብዙ ጊዜ ጋድሙ የለም ወይም በጣም ስስ ነው፤ ዐምዱ ቀጥታ ኮርኒስ ላይ ተጣብቋል። በቪኞላ ሕግ ጋድሙ የዐምዱን ሩብ መሆን ነበረበት። ሌላው ደግሞ ግንዱ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ውፍረት መያዙ ነው፤ የጥንቱ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀጥናል። ራሱ ብቻ ተገዝቶ መጥቷል፣ ሥርዓቱ ግን አብሮ አልመጣም።

ወደ ሪሚኒ ልመልሳችሁ።

አልቤርቲ ሪሚኒ አልተቀመጠም። ሥራው ሮም ነው። ለግንበኞቹ የእንጨት ሞዴል ትቶላቸዋል፣ በቃ። ማቴዎ ጥያቄ ሲኖረው ይጽፋል፣ መልሱ የብዙ ቀን መንገድ ተጉዞ ይመጣል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ምሰሶዎቹ መጠን ነበር። አልቤርቲም ሞዴሉ ላይ በጣሪያው ጥግ በግራና በቀኝ ያለችውን ጌጥ እንዲያስታውስ ይነግረዋል፣ እንዳይሳሳትም ደብዳቤው ላይ በትንሹ ይሥልለታል። ያቺ ሥዕል አሁንም በጽሑፉ መሃል ትታያለች፣ በብዕር የተጫረች ጥምዝ ነገር። ለምን እንዳደረጋትም ያስረዳል። የአሮጌውን ቤተ ክርስቲያን ስፋት መለወጥ አንችልም፣ ስለዚህ የጣሪያውን ጥግ መሸፈን አለብን። የተሠራውን መርዳት እንጂ ገና የሚሠራውን ማበላሸት አይገባም። ቀጥሎም ያቺ ታዋቂ ዐረፍተ ነገር ትመጣለች፤ የምሰሶዎቹ ልክና መጠን ከየት እንደሚወለድ ታያለህ፣ አንዲት ነገር ብትለውጥ ያ ሁሉ ሙዚቃ ይበላሻል።

ሙዚቃ ነው ያለው። ለማሳመር የተጠቀመባት ቃል አይደለችም፣ ቃል በቃል ማለቱ ነው።

ጊታር ያላችሁ ዛሬ ማታ ሞክሩት፣ ማሲንቆም ይሆናል። ክሩን ሙሉ ርዝመቱን ምቱት። ከዚያ ልክ ግማሹ ላይ ያዙትና ምቱት፣ ጊታር ላይ 12ኛው ፍሬት ነው። ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ኦክታቭ የሚባለው። ውድሩ 1 ለ2 ነው። ከክሩ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ብታስጮኹ ሌላ ለጆሮ የሚስማማ ድምፅ ይወጣል፣ 2 ለ3። ሦስት አራተኛውን ብታስጮኹ ደግሞ 3 ለ4። ይህንን ግሪኮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፣ ግኝቱን ለፓይታጎረስ ይሰጡታል። የሚያስገርማቸው ደግሞ ይህ ነው፤ ጆሮ ምንም ሳይቆጥር ደስ ያለው ነገር፣ ሲለካ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስትና በአራት ቁጥር ብቻ ተሠርቶ ተገኘ።

አልቤርቲ ስለ ሕንጻ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የደረሰበት ድምዳሜ ከዚህ ይነሣል። ጆሯችንን ደስ የሚያሰኙት ቁጥሮች ዓይናችንንና አእምሯችንን ደስ ከሚያሰኙት ጋር አንድ ናቸው ይላል። ስለዚህ አርክቴክት ውድሩን ከሙዚቀኛ ይውሰድ። ክፍል ልትሠራ ነው? 4 በ6 አድርገው፣ 2 ለ3 ነው። ከዚያ የሚረዝም ትፈልጋለህ? ያንኑ ውድር ድገመው፣ 6 በተመሳሳይ መጠን ሲያድግ 9 ይሆናል፣ ክፍሉም 4 በ9። የጣሪያው ከፍታስ? መሃል ላይ የነበረውን 6 ውሰድ። ስፋቱ 4፣ ከፍታው 6፣ ርዝመቱ 9። 4 ለ6 እንደሆነው 6 ለ9 ነው። ሦስቱም ጎን ተያያዘ።

ታዲያ እዚያ ክፍል ውስጥ የገባ ሰው ይህን ይሰማዋል? እኔ በሐቀኝነት የሚሰማው አይመስለኝም። እኩልና እጥፍ የሆነን ነገር ዓይን ይለያል፣ 4 ለ9ን ግን በዓይኑ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ጆሮ የተሳሳተ ክር ወዲያው ይነግራችኋል፤ ዓይን ግን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆሞ፣ ከሩቅ ወይም ከጎን፣ የተዛባ ነገር ነው የሚያየው። አልቤርቲም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሥዕል ላይ ርቀት ነገሮችን እንዴት እንደሚያሳንስ በጽሑፍ ያስረዳው ራሱ ነው። እንደሚገባኝ ስምምነት ለእነሱ የስሜት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የነገሩ እውነት ነበር። ማንም ባያየውም ሕንጻው ውስጥ አለ፣ ክሩን ማንም ባይመታውም ግማሹ ግማሽ እንደሆነው።

ለዚህም ነው በደብዳቤ ማዘዝ የቻለው። ውበት በእጅ ጥበብ ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ጌታው ቦታው ላይ መቆም ነበረበት። የመካከለኛው ዘመን ዋና ግንበኛ እንዲያ ነበር የሚሠራው፣ ከሠራተኞቹ ጋር እየዋለ። ውበት በውድር ከሆነ ግን ሮም ቁጭ ብሎ ሪሚኒን መምራት ይቻላል፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፤ ማንም አንዷን ልክ እንዳይነካ። የአልቤርቲ ጭንቀትም የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ጉልላቱ።

የሪሚኒው ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ጉልላት እንዲኖረው ታስቦ ነበር። የምናውቀው ከአንድ ሜዳሊያ ነው። ማቴዎ ዴ ፓስቲ ራሱ ሜዳሊያ ሠሪ ነበርና 1450 የሚል ዓመት ያለበት ሜዳሊያ ሠርቷል፣ በጀርባው ያላለቀው ቤተ ክርስቲያን እንዳለቀ ሆኖ ተቀርጿል፣ ከኋላው ግማሽ ክብ የሆነ ግዙፍ ጉልላት ተደፍቷል። በደብዳቤው ላይ ከምናነበው፣ ማኔቶ የሚባል ሰው «ጉልላት ቁመቱ የስፋቱ እጥፍ መሆን አለበት» ብሎ ኖሯል። አልቤርቲ ይህን አልተቀበለም። የጥንት ሮማውያንን ትልልቅ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶችና ፓንቴዮንን የሠሩትን ሰዎች ከእሱ ይልቅ አምናለሁ፣ ከማንም ሰው ደግሞ ይልቅ አእምሮን አምናለሁ ብሎ መለሰ።

ፓንቴዮን ሮም ውስጥ ዛሬም ያለው በሁለተኛው መቶ ዘመን የተሠራ ቤተ መቅደስ ነው። ስፋቱ 43 ሜትር ከምናምን ነው፣ ከወለሉ እስከ ላይኛው ክብ ቀዳዳ ያለው ከፍታም ያው 43 ሜትር ከምናምን። ማለትም ውስጡ አንድ ትልቅ ኳስ ብታስገቡ ጣሪያውንም ወለሉንም ልክ ይነካል። 1 ለ1። ለአልቤርቲ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ግን ግማሽ ክብ ጉልላት ዋጋ ያስከፍላል። ጉልላት በራሱ ክብደት ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከታቹ ወደ ውጭም ይገፋል። የተደፋ ሳህን ከላይ ስትጫኑት ጠርዙ ሊከፈት እንደሚፈልገው ነው። ሮማውያን ይህንን የያዙት 6 ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ግድግዳ ነው፣ ወደ ላይ ሲወጡም ኮንክሪቱን በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያቀላቀሉ ክብደቱን ቀነሱ። ይህም ሆኖ የፓንቴዮን ጉልላት ከታች ወደ ላይ የሚሄዱ ስንጥቆች አሉት። ጉልላት ሲገፋ ምልክቱ ይኸው ነው፤ ስንጥቁ ቁመቱን ተከትሎ ከሥር ይነሣል።

ጉልላት ሾጠጥ ሲል ግፊቱ ይቀንሳል። አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ በፍሎሬንስ ካቴድራል ላይ ከ1420 እስከ 1436 የሠራው ጉልላት የሾለው ለዚህ ነው። ስፋቱን በአምስት ከፍለው በአራቱ ክፍል ልክ ነው ቅስቱን የሳቡት፤ ያም ቅርጽ እሱ ሳይወለድ በ1367 በከተማው የተወሰነ ነበር። ከሥር ሙሉውን የሚደግፍ የእንጨት ቅርጽ ሳይኖር ነው የገነባው። ጡቡን በየመሃሉ እያቆመ እንደ ዓሣ አጥንት ስለደረደረው፣ ወደ ውስጥ ያዘመመው ረድፍ ማያያዣው ኖራ እስኪደርቅ ድረስ አይንሸራተትም ነበር። አልቤርቲ ይህን ሥራ በጣም ነው ያደነቀው፤ የቶስካና ሕዝብ ሁሉ በጥላው ሊጠለል ይችላል ብሎ ጽፏል። ስለዚህ የሕዳሴ ምልክት ነው የምንለው ጉልላት በቅርጹ የመካከለኛው ዘመን ነው። አልቤርቲ ያደነቀውን ጉልላት አውቆ፣ ለሪሚኒ ግን የፓንቴዮንን መረጠ። አንዱ ግንበኛ ያሸነፈው ችግር ነው። ሌላው በቁጥር የተዘጋ ነገር ነው።

ሪሚኒ ላይ ግድግዳው ይችላል ወይ? አልቤርቲ እንደማይችል ያውቃል። እዚያው ደብዳቤ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን በቀላል ነገር እንሸፍነው ይላል፣ እነዚያ ምሰሶዎች ላይ ክብደት ለመጫን አትመኑ፣ ስለዚህ መካከለኛው ክፍል በእንጨት የተሠራ ቅስት ጣሪያ ይሁንለት። ሌላም አለ። ማቴዎ የውጭው አዲስ ምሰሶ ከውስጡ የጸሎት ክፍል ምሰሶ ጋር አልገጠመም ብሎ ሳይጨነቅ አልቀረም። አልቤርቲ ግድ የለም አለው፣ የውስጡ በራሱ ጠንካራ ነው፣ ከእኛ ፊት ገጽ እርዳታ አያስፈልገውም።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። አንዲት ልክ ብትነካ ሙዚቃው ይበላሻል የሚል ሰው፣ ውጩ ከውስጡ ጋር አልገጠመም ሲባል ግድ የለም ይላል። ከጎን ስትሄዱ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። አዲሶቹ ሰባት ቅስቶች በእኩል ርቀት ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው ያሉት አሮጌ ሹል መስኮቶች ደግሞ በራሳቸው ርቀት ይሄዳሉ። አንዱ መስኮት ቅስቱ መሃል አካባቢ ይወድቃል፣ ሌላው ወደ ጎን ይሸሻል። መጀመሪያ ሳውቅ እንደ ስሕተት ነበር ያየሁት። አሁን ግን አይመስለኝም። ስምምነት ለእሱ አንድ ሥርዓት ውስጥ ባሉ ክፍሎች መካከል ያለ ዝምድና ነው። ውጩ አንድ ዜማ ነው። ውስጡ የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ እሱም ይከበራል፣ ግን ዜማው ውስጥ የለም።

በእነዚያ ጎን ቅስቶች ላይ ሌላም የምታዩት ነገር አለ። የቆሙት በአራት ማዕዘን ምሰሶ ላይ ነው። ብሩኔሌስኪ ግን ከ1419 ጀምሮ በሠራው የፍሎሬንስ የሕፃናት ማሳደጊያ ቅስቶቹን በክብ ዐምድ ላይ አሳርፏቸው ነበር፣ በጣምም ያምራል። አልቤርቲ ይህን አይወድም። የቅስት እግር አራት ማዕዘን ነው፣ ክብ ግንድ ላይ ስታስቀምጠው አራቱ ጫፎቹ አየር ላይ ይቀራሉ ይላል። ክብ ዐምድ ቀጥ ያለ ጋድም ይሸከም፣ ቅስት በምሰሶ ይሸከም። ሁለቱም ሰዎች ጥንቱን እናነሣለን ይላሉ፣ ሁለቱም ያመኑበት ጥንት ግን የተለያየ ነው። ብሩኔሌስኪ ፍሎሬንስ ውስጥ ያሉትን፣ በእውነቱ ከሮማውያን ብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተሠሩትን ቤተ ክርስቲያናት ነበር የሚያየው፤ ከነሱም አንዱን፣ ባፕቲስትሪ የሚባለውን የጥምቀት ቤት፣ የከተማው ሰው የጥንት የማርስ ቤተ መቅደስ ነው ብሎ ያምን ነበር።

የሪሚኒው ሥራ አላለቀም። ሲጂስሞንዶ ከጳጳሱ ከፒየስ ሁለተኛ ጋር ተጣላ፣ ተወገዘ፣ ጦርነት ተሸነፈ፣ ገንዘቡ ደረቀ። በ1468 ሞተ። ጉልላቱ አልተጀመረም። የእንጨቱ ቅስት ጣሪያም አልተሠራም፣ ዛሬ ቀና ስትሉ የምታዩት ተራ የእንጨት ጣሪያ ነው።

ከፊት ለፊት ስትቆሙ ታችኛው ክፍል ሙሉ ነው፤ አራቱ ዐምዶች፣ ሦስቱ ቅስቶች፣ ክቦቹ፣ ጋድሙ። ከላይ መካከለኛው ቅስት ተጀምሮ መንገድ ላይ ቀርቷል። በግራና በቀኝ ያሉት ምሰሶዎች ቆመዋል፣ የሚሸከሙት የለም። ከእነሱ በስተጀርባ የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን የጡብ ግድግዳ ይታያል። አልቤርቲ በትንሿ ሥዕል ያሳያት ያቺ ጥምዝ ጌጥ ልትሸፍነው የነበረው የጣሪያ ጥግ አሁንም እንደተገለጠ ነው።